የአክስቴን የዶሮ ወጥ አነጋገር ወደ ዝርዝርና ቁጥር መቀየር አቃተኝ፣ እርዱኝ

የእቴቴ_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ስለ ዶሮ ወጥ ነው፣ ግን እንዴት እንደሚሠራ ሳይሆን እንዴት እንደሚጻፍ ነው። አክስቴ ጎንደር ነው ያለችው፣ እቴቴ ነው የምላት። እኔ ዴንቨር ነኝ። በቀደም የዶሮ ወጥ አሠራሯን በድምፅ ላከችልኝና ቃል በቃል ገለበጥኩት። አሁን ለእህቴና ለአጎቴ ልጆች አንድ ገጽ ወረቀት ማዘጋጀት እፈልጋለሁ፤ ከላይ የሚያስፈልገው ነገር ዝርዝር፣ ከታች አሠራሩ በቁጥር። ሞክሬ ለእህቴ ሰጠኋት። ዶሮው ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ደወለችልኝ። አንድ እጇ ማማሰያ ይዟል፣ እንቁላሉ ገና ጥሬውን ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። "ቀቅይ የሚል የትም ቦታ አልጻፍሽም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልጻፍኩም።

እቴቴ ያለችው ይሄ ነው፦

"ዶሮ ወጥማ ምን አለው ልጄ። እኔ ለፋሲካ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ነው የማደርገው። ደቆ ይከተፋል። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ እጥደዋለሁ፣ ዘይት የለ ምን የለ፣ ዝም ብሎ በራሱ ውሃ። ከማማሰያው እጅሽን አታንሺ። ውሃውን ጨርሶ ድስቱን ያዝ ያዝ ሲያደርግ ዘይት ትንሽ ጠብ ታደርጊና ሦስት ስኒ በርበሬ። ከዚያ እሳቱን ረገብ አድርገሽ፣ እንዳያር ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ፣ የበርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተት እስኪተው ነው። ያደቀቅኩትን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከቅቤው ጋር እዚያ ላይ እጨምራለሁ። እሱ ሲቁላላ በሎሚና በጨው ዘፍዝፌ ያቆየሁትን ዶሮ አጥልዬ ጠንካራ ጠንካራውን ብልት አስቀድማለሁ። መረቁን አታብዢበት፣ ወፈር ማለት አለበት። ሊወጣ ሲል የቀቀልኩትን እንቁላል ጫር ጫር አድርጌ፣ መከለሻ፣ የቀረችውን ቅቤ። ጨውን እየቀመስሽ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ወጥቷል።"

እኔ ያወጣሁት ዝርዝር ደግሞ፦ ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ ዘይት ትንሽ፣ በርበሬ 3 ስኒ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቅቤ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ መከለሻ። አሠራሩን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ቁጥር ሰጠሁት። የት ላይ ነው የሳትኩት?

ዳኒ_ሐዋሳ

ይሄማ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ቀይሪው። ስኒ ማለት ካፕ ነው፣ ስለዚህ 3 ካፕ በርበሬ። ሽንኩርቱ ሦስት ሰዓት ይበስላል፣ ዶሮው ከገባ በኋላ ሰባት ሰዓት። ዝርዝሩን ደግሞ ከብዙው ወደ ትንሹ ደርድሪው፣ ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ እያልሽ እስከ ጨው። ሌላው ደግሞ የማይፈለገውን ወሬ አውጪው፣ "እጅሽን አታንሺ" ምናምን የሚለውን።

ማማሰያ

ዳኒ ወንድሜ፣ አንድ መለኪያ ይሁን ማለትህ ልክ ነው፣ የቀረው ግን ወጡን ያበላሸዋል። የቡና ስኒ 70 ወይም 80 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ነው። የአሜሪካ ካፕ 240 ገደማ ነው። ሦስት ካፕ ብለህ ብትጽፍላት ልጅቷ አክስቷ ከምታደርገው ሦስት እጥፍ በርበሬ ልትጨምር ነው። ያንን ወጥ ማንም አይበላውም።

ሰዓቱም እንዲሁ። "ሦስት ሰዓት ላይ" ነው ያሉት፣ "ለሦስት ሰዓት" አላሉም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥደው ሰባት ሰዓት ላይ አወጡ፣ በቃ አራት ሰዓት ነው። በአማርኛ የተነገረ አሠራር ላይ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም የሰዓት ቁጥርና የቆይታ ቁጥር በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። "ላይ" ካለ የግድግዳ ሰዓት ነው።

የእቴቴ ልጅ፣ እኔ ለሰርግና ለድግስ ምግብ በሚያዘጋጅ ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የትልልቅ ሴቶችን አሠራር እየሰማሁ ለአዳዲስ ልጆች ወረቀት መጻፍ የኔ ሥራ ነበር። የሳትሽው ሁለት ቦታ ነው። ዝርዝሩን ቀድመሽ ጻፍሽ፣ መጨረሻ ነው የሚጻፈው። አሠራሩን ደግሞ በተነገረበት ቅደም ተከተል ቁጥር ሰጠሽው። አክስትሽ የተናገሩት ድስቱን እያዩ ነው። እጅ የሚሠራው ግን በሌላ ቅደም ተከተል ነው።

እንቁላሉ የጠፋብሽ ለምን መሰለሽ? እስኪ "የቀቀልኩትን" የሚለውን ቃል እዪው። እቴቴ "እንቁላል ቀቅይ" አላሉም፣ "የቀቀልኩትን እንቁላል" ነው ያሉት። መቀቀሉ አልቋል፣ ቃሉ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል። ስለዚህ እስክሪብቶ ያዢና በ"የ" ወይም በ"ያ" ጀምሮ በ"ኩትን" ወይም በ"ሁትን" የሚያልቀውን ሁሉ አስምሪበት። እኔ የማየው ሦስት ነው፦ ያደቀቅኩትን፣ ዘፍዝፌ ያቆየሁትን፣ የቀቀልኩትን። ሦስቱም እሳት ከመለኮሱ በፊት መጠናቀቅ ያለባቸው ሥራዎች ናቸው። አውጥተሽ ወደ ላይ ውሰጃቸው፣ 1፣ 2፣ 3 ይሁኑ። "ይከተፋል" የሚለውም ከነሱ ጋር ይገባል። ሽንኩርት መጣድ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ቡና_ቁርስ

እኔ ዶሮ ወጤ ሁሌ ይጠቁርብኛል፣ በርበሬው ይሆን? ከሀገር ቤት ነው የሚመጣልኝ። ሽንኩርቱን በማሽን ነው የምፈጨው። ከእናንተ የምን በርበሬ የሚጠቀም አለ?

ማማሰያ

ቡና ቁርስ፣ ጥያቄሽ ሌላ ክር ይፈልጋል፣ ግን አንድ ነገር ልበልሽ። በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን ሁሉ አንዴ ነው የሚለቀው፣ ስለዚህ የደረቀ ሳይመስልሽ ከታች ይይዛል። በርበሬው የሚገባው ያ ከያዘ በኋላ ከሆነ ይጠቁራል። ውሃ ጠብ የምታደርጊውስ መቼ ነው?

ቡና_ቁርስ

በርበሬውን ጨምሬ ትንሽ ከጠበስኩት በኋላ ነው። እሺ፣ ቀደም አድርጌ እሞክረዋለሁ።

አባ_ወልዴ_ሰፈር

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። የአክስትሽ ንግግር ራሱ ሙሉ ነው። "ድስቱን ያዝ ያዝ ሲያደርግ" ብለው ነግረውሻል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አሁን አንቺ "45 ደቂቃ" ብለሽ ስትጽፊ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ሰዓት ሞልተው ሳሎን ይቀመጣሉ። ሽንኩርቱም ያራል። እናቴ አንድም ቀን ሰዓት አይታ ወጥ አልሠራችም። ወጧ ግን አንድም ቀን አልተበላሸም።

የእቴቴ_ልጅ

አባ ወልዴ ሰፈር፣ የሚሉት ገብቶኛል። ግን እህቴ ድስት "ያዝ ያዝ" ሲያደርግ አይታ አታውቅም። 19 ዓመቷ ነው፣ እዚህ ነው ያደገችው። ምን ያህል መጠበቅ እንዳለባት ካላወቀች በአሥር ደቂቃ የያዘ ይመስላታል።

ማማሰያ፣ እንዳልሽኝ አሰመርኩ። ከሦስቱ ሌላ "አጥልዬ" የሚለውንም አየሁት። የዘፈዘፍኩበትን ውሃ ማጥለል ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ካልተጻፈ እህቴ ከነውሃው ነው የምትገለብጠው። "ስኒ"ውን ግን እንዴት ላድርገው? የኔን ስኒ በውሃ ሞልቼ መዘንኩት፣ 75 ግራም መጣ። የእቴቴ ስኒ ስንት እንደሚይዝ ግን አላውቅም።

ማማሰያ

የሷን ስኒ ተዪው። ስኒ ቤት ለቤት ይለያያል፣ በዚያ ላይ እሳቸው በርበሬውን ልክ ያድርጉት ቁልል ያድርጉት አታውቂም። በርበሬ ደግሞ ዱቄት ነው፣ ተጠቅጥቆ ሲሰፈርና ሳይጠቀጠቅ ሲሰፈር ክብደቱ አንድ አይደለም። አክስትሽ ጋ የሚቀርብ ልጅ ካለ፣ ወጥ ከመሥራታቸው በፊት የበርበሬውን ዕቃ ከነክዳኑ ይመዝነው። ሲጨርሱ ያንኑ ዕቃ ከነክዳኑ ድጋሚ ይመዝነው። ልዩነቱ እጃቸው ያወጣው በርበሬ ነው። እሳቸው እንደለመዱት ይሥሩ፣ ማንም አያስቁማቸው። ቅቤውንም እንዲሁ።

አባ ወልዴ ሰፈር፣ ከእርስዎ ጋር ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ሰዓት ብቻውን አይጻፍም። ምልክት ብቻውንም ለጀማሪ አይበቃም። እኔ ሁለቱንም ነው የማደርገው፣ ግን ምልክቱ ይቀድማል፦ "ውሃውን ጨርሶ ድስቱን ያዝ ያዝ እስኪያደርግ፣ አንድ ሰዓት ገደማ።" ሰዓቱ የሚነግራት ምልክቱን መቼ መፈለግ እንደምትጀምር ነው። አንድ ሰዓት ካለና በ20 ደቂቃ የያዘባት ከመሰላት እሳቱ በዝቷል ማለት ነው፣ ይሄን ደግሞ ታውቃለች።

ጽጌ_ከሪያድ

እኔ ደግሞ የእናቴን ድፎ ዳቦ እንዲሁ ልጽፍ ብዬ አንድ ዓመት ሆነኝ። "ዱቄቱ እስኪበቃው ውሃ" ነው የምትለኝ። ዱቄቱ እዚህ ሌላ ነው፣ ውሃው ሌላ ነው። መዝኜ ጻፍኩት፣ ግን ሁለተኛ ጊዜ በዚያው ልክ ስሠራው ቀጠነብኝ። እናንተ እንደዚህ ያለውን እንዴት ነው የምታደርጉት?

ማማሰያ

ጽጌ እህቴ፣ ውሃ ላይ አንድ ቁጥር አትጻፊ። ሁለት ጻፊ። "ከ600 ሚሊ ጀምሪ፣ ሊጡ እጅ ላይ እየተጣበቀ ግን እየለቀቀ እስኪሄድ እስከ 700 ጨምሪ" ዓይነት። ቁጥሮቹ የአንቺ ይሁኑ፣ እኔ ለምሳሌ ነው ያልኩት። ዱቄት ውሃ የሚጠጣው እንደ ዱቄቱ ነው። እናትሽ "እስኪበቃው" ሲሉ ያንን ነው የነገሩሽ።

ጽጌ_ከሪያድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ እሞክረዋለሁ። የእጅ ላይ ምልክቱን እናቴን ደውዬ እጠይቃታለሁ።

ሰሎሜ_የፊደል

ማማሰያ የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ የምጨምረው የጽሑፍ ነገር ነው። "2 ኪሎ የተከተፈ ሽንኩርት" እና "ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ ተልጦ የተከተፈ" አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ተልጦ ተከትፎ ሚዛን ላይ 2 ኪሎ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ከገበያ 2 ኪሎ ገዝተሽ የምትልጪው ነው። ስለዚህ መጠኑ ከዕቃው ስም ጋር ይሂድ፣ ሥራው ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ይምጣ። አክስትሽን የቱ እንደሆነ ጠይቂያቸው።

ሌላው ደግሞ በማን አነጋገር ነው የምትጽፊው? "ክተፊ"? "ክተፉ"? "መክተፍ"? "ይከተፋል"? አክስትሽ ራሳቸው ቀላቅለውታል፣ "ይከተፋል" ብለው ጀምረው "አታንሺ" ብለዋል፣ ከዚያ "እጨምራለሁ"። ሲነገር ያምራል፣ በቁጥር ሲሆን ግን አንባቢው ይደናገራል። እኔ "መክተፍ፣ ማማሰል፣ መጨመር" የሚለውን እመርጣለሁ። ወንድም ሴትም ያነበዋል።

ማማሰያ

"መክተፍ" የሚለው ለኔ የሥራ ዝርዝር ይመስለኛል፣ ማን እንደሚያደርገው አይናገርም። ወጥ ቤት ውስጥ ልጆቹ ቶሎ የሚይዙት "ክተፉ" ሲባሉ ነው። ግን ይሄ የምርጫ ጉዳይ ነው፣ አንዱን ይዛ እስከ መጨረሻው ከሄደች ችግር የለውም።

ሰሎሜ_የፊደል

አልተስማማሁም፣ ግን እሺ።

የእቴቴ_ልጅ

ሰዎች፣ ሁለት ሳምንት ጠፍቼ ነበር። እቴቴ እሁድ ዕለት ለእንግዳ ዶሮ ወጥ ሠራች። የአጎቴ ልጅ ከሰፈር ሱቅ ሚዛን ለምኖ መጣና ዕቃዎቹን ከመሥራቷ በፊትም በኋላም መዘነ። እኔ በቪዲዮ ሆኜ ሰዓቱን ያዝኩ። በርበሬው 130 ግራም ወጣ። ስኒዋ እንደ ተራራ ነው የተቆለለው፣ በዓይኔ አየሁት። ቅቤው በጠቅላላ 200 ግራም ነው፣ ከዚያ 150ው መሀል ላይ ገባ። ሽንኩርቱ ከገበያ 2 ኪሎ ገዝታው ነው፣ ማለትም ሳይላጥ። ሰሎሜ፣ ያልሽው ነገር እዚህ ጠቀመኝ። እኔ እዚህ 2 ኪሎ ገዝቼ ስልጠው 1 ኪሎ ከ780 ነው የቀረው።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ዝርዝሩን የጻፍኩት፣ አሠራሩን ከላይ ወደ ታች እየሄድኩ ዕቃው መጀመሪያ በተነካበት ቦታ እየያዝኩት። ሳነበው ከበፊቱ ያልነበሩ ሦስት ነገሮች ወጡ። ሎሚና ጨው፣ ሁለቱም በፊት ዝርዝሬ ላይ አልነበሩም። ውሃም አልነበረም። ይኸው፦

የእቴቴ ዶሮ ወጥ (ለ8 ሰው)

የሚያስፈልገው፣ በሚገባበት ቅደም ተከተል፦

- ዶሮ 1፣ አንድ ተኩል ኪሎ ገደማ፣ ቆዳው ተገፎ 12 ብልት የወጣለት
- ሎሚ 2
- ጨው፣ ለመዘፍዘፊያ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ለወጡ እየተቀመሰ
- እንቁላል 8
- ነጭ ሽንኩርት 1 ራስ፣ ተልጦ የደቀቀ
- ዝንጅብል፣ የአውራ ጣት የሚያህል፣ ተልጦ የደቀቀ
- ቀይ ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ ተልጦ ደቆ የተከተፈ
- ዘይት 40 ሚሊ
- በርበሬ 130 ግራም
- ውሃ፣ ጠብ ጠብ የሚደረግ፣ 2 የሻይ ብርጭቆ ገደማ
- ንጥር ቅቤ 200 ግራም
- መከለሻ 1 የሻይ ማንኪያ

አሠራር፦

1. ዶሮውን በደንብ እጠቡና ሎሚ በተጨመቀበት የጨው ውሃ ዘፍዝፉት። እስከ ተራ ቁጥር 8 ይቆያል።
2. እንቁላሉን ቀቅሉ፣ ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ። ላጡትና አስቀምጡት።
3. ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አድቅቁ። ቀይ ሽንኩርቱን ክተፉ።
4. ቀይ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጣዱት፣ መካከለኛ እሳት። እያማሰላችሁ ውሃውን ጨርሶ ድስቱን ያዝ ያዝ እስኪያደርግ፣ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ።
5. ዘይቱን ጨምሩና አቁላሉት፣ 10 ደቂቃ።
6. እሳቱን ረገብ አድርጋችሁ በርበሬውን ጨምሩ። ውሃ በማንኪያ ጠብ እያደረጋችሁ፣ የበርበሬው ጥሬ ሽታ እስኪጠፋ አቁላሉ፣ 45 ደቂቃ ገደማ።
7. ቅቤውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምሩ፣ 20 ደቂቃ።
8. ዶሮውን ከውሃው አጥልሉ። እግሩንና ታፋውን አስቀድሙ። ከ10 ደቂቃ በኋላ የቀረውን ጨምሩ። በጠቅላላ 40 ደቂቃ ገደማ፣ ሥጋው ከአጥንቱ ሊለቅ እስኪል።
9. ጨው ቀምሳችሁ ጨምሩ።
10. እንቁላሉን በቢላ ጫር ጫር አድርጋችሁ ጨምሩ፣ መከለሻውንና ቅቤውንም። 10 ደቂቃ።

ማማሰያ

በጣም ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን ቀርቶሻል።

ተራ ቁጥር 7 ላይ "ቅቤውን ጨምሩ" ትያለሽ። ዝርዝሩ ላይ 200 ግራም አለ። እህትሽ 200ውን በሙሉ ትጨምረዋለች፣ ቁጥር 10 ላይ ስትደርስ ደግሞ ቅቤ የለም። ሁለት ጊዜ የሚገባ ነገር ዝርዝሩ ላይ መከፈል አለበት፦ "ንጥር ቅቤ 200 ግራም፣ 150ው ለመጀመሪያው፣ 50ው ለመጨረሻው"። ቁጥር 7ም "150 ግራም ቅቤ" ይበል። ጨውን ከፍለሽዋል፣ ቅቤን ረሳሽው።

ሁለተኛው፣ ደቂቃዎችሽን ደምሪያቸው። እኔ ደመርኳቸው፣ ከሽንኩርቱ መጣድ እስከ መጨረሻው 195 ደቂቃ ነው፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ። በድምፁ ላይ አክስትሽ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ነው ያሉት። 45 ደቂቃ የት ሄደ? ድምሩ ከሰውየው ሰዓት ጋር ካልገጠመ አንድ ሥራ ተረስቷል ወይም አንዱ ቁጥር ልክ አይደለም።

የእቴቴ_ልጅ

ኧረ እውነትሽን ነው፣ ቅቤውን አስተካክላለሁ።

45 ደቂቃው ከዶሮው ነው። እቴቴ እሁድ ዕለት የሐበሻ ዶሮ ነው የሠራችው፣ ዶሮው ብቻ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ፈጀባት። እኔ 40 ብዬ የጻፍኩት ዴንቨር የሱቅ ዶሮ ስሠራ የያዝኩትን ነው። በሷ ሰዓት ብተወው ኖሮ የሱቁ ዶሮ ተፈርክሶ መረቅ ውስጥ ይጠፋ ነበር። እንግዲህ የትኛውን ልጻፍ?

ማማሰያ

ሁለቱንም። "የሱቅ ዶሮ 40 ደቂቃ፣ የሐበሻ ዶሮ ከአንድ ሰዓት በላይ።" ቴርሞሜትር ያለው ሰው ደግሞ ወፍራሙን ብልት ይውጋው፣ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ዶሮው በስሏል። የሐበሻው ዶሮ ግን 74 ደርሶም ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ "ከአጥንቱ ሊለቅ እስኪል" ያልሽው እንዳለ ይቆይ።

ዳኒ_ሐዋሳ

የኔን ስህተት ስላረማችሁኝ አመሰግናለሁ። ስኒን ካፕ እያልኩ ነበር የምጽፈው፣ ለወንድሜ ሚስትም እንደዚያ ጽፌ ልኬ ነበር። አሁን ደውዬ አርማለሁ። ግን ጥያቄ አለኝ፣ ለ40 ሰው ቢሆን ሁሉንም በ5 ማባዛት ነው?

ማማሰያ

ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ሽንኩርቱን አዎ። ሰዓቱን በፍጹም። 10 ኪሎ ሽንኩርት ውሃውን የሚጨርስበት ሰዓት በድስቱ ስፋትና በእሳቱ ነው የሚወሰነው፣ እኔ ሰፊ ብረት ድስት ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ፈጅቶብኛል፣ ጠባብ ላይ ከዚያ በላይ። ለዚህ ነው ምልክቱ መጻፍ ያለበት። በርበሬውን ግን እኔ በ5 አላበዛውም፣ በ4 አካባቢ እጀምርና ቀለሙን እያየሁ እጨምራለሁ።

አባ_ወልዴ_ሰፈር

በርበሬ ከተቀነሰማ ወጡ አልጫ መሰለ። በ5 ነው የሚባዛው፣ ሽንኩርቱ እስከበዛ ድረስ በርበሬውም ይበዛል።

ማማሰያ

እርስዎ እንደሱ ሠርተውት አምሮልዎት ከሆነ አልከራከርም። እኔ ሠርቼው ከብዶብኝ ያውቃል። ምናልባት በርበሬው ይለያይ ይሆናል።

የእቴቴ_ልጅ

ሌላ አንድ ነገር። አባ ወልዴ ሰፈር ያሉት ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኝ የእቴቴን ንግግር እንዳለ ከወረቀቱ ጀርባ አተምኩት። ፊት ለፊቱ ዝርዝሩና ቁጥሩ ነው። ትላንት ማታ ደውዬ ቁጥሮቹን አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ቁጥር 1 ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። "ዶሮውን አንዴ ብቻ ነው እንዴ የምታጥቢው? እኔ እኮ በሎሚ ከዘፈዘፍኩት በኋላ በንጹሕ ውሃ እለቀልቀዋለሁ፣ አለዚያ ወጡ ይኮመጥጣል" አለችኝ። ድምፁን ደግሜ ሰማሁት፣ የትም ቦታ የለም። ቪዲዮውም ላይ ያን ጊዜ ዕቃ ልታመጣ ከካሜራው ወጥታ ነበር።

አሁን ቁጥር 8 "አጥልሉ፣ በንጹሕ ውሃ ለቅልቁ" ይላል። እህቴ ቅዳሜ ትሠራዋለች። እኔ አጠገቧ አልሆንም፣ ወረቀቱ ብቻ ነው የሚኖራት። ከደወለች የደወለችበትን ቁጥር እዚህ እጽፋለሁ።